የጥምቀቱ ቪዲዮ ገቢ የት ሄደ? ስለ ሙዚቃ፣ ስለ ስቶክ ክሊፕና በማሽን ስለተሠራ ምስል የቅጂ መብት

አንድ የ12 ደቂቃ ቪዲዮ በምሳሌነት እንውሰድ። ርእሰ ጉዳዩ የጎንደር ጥምቀት ነው። ያዘጋጀችው ጎንደር ውስጥ ፒያሳ አካባቢ አነስተኛ ስቱዲዮ ያላት ወጣት ናት እንበል፤ የዩቲዩብ ቻናሏ ገቢ ማግኘት ከጀመረ ቆይቷል። አብዛኛውን ምስል ራሷ ቀርጻዋለች፦ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ሕዝቡ በእልልታ ሲያጅብ፣ በማግስቱ ማለዳ ውኃው ሲባረክ። የጎደላትን ከሌላ አመጣች። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ሲቆረቁሩ የሚያሳየውን የመግቢያ ትእይንት በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሠራች። ከላይ ወደ ታች የሚታየውን የፋሲል ግቢ ምስል ከስቶክ ክሊፕ ድረ ገጽ፣ ማለትም ሌሎች የቀረጿቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በፈቃድ ከሚሰጡበት ቦታ ወሰደች። ከሥር የሚሰማውን የክራር ሙዚቃ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ ከምትከፍልበት የሙዚቃ ማከማቻ አወረደች። ቪዲዮው ጥር 12 ቀን ተለቀቀ። ጥር 13 ቀን የባለቤትነት ጥያቄ መጣበትና ገቢው ወደ ሌላ ወገን መፍሰስ ጀመረ።

ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠረጥረው በማሽን የተሠራውን ትእይንት ነው። ጥያቄው የመጣው ግን ከፍላ ካገኘችው፣ ፈቃዱም በእጇ ካለው ሙዚቃ ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን የገባው ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ስለዚህ ከእሱ እንጀምር።

ዩቲዩብ ኮንቴንት አይዲ የሚባል የራሱ መፈለጊያ አለው። የመብት ባለቤቶች የሙዚቃቸውን ወይም የፊልማቸውን ቅጂ ለዚህ ሥርዓት ይሰጣሉ፤ ሥርዓቱም አዲስ የሚጫነውን ቪዲዮ ሁሉ ከዚያ ማኅደር ጋር ያመሳስላል። የሚያወዳድረው ድምፅን ከድምፅ፣ ምስልን ከምስል ነው። ደረሰኝ አያይም፤ ማን ፈቃድ እንደገዛም አያውቅም። ስለዚህ በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ሙዚቃም ከማኅደሩ ጋር ከተመሳሰለ ጥያቄው በራሱ ይነሣል። ከመመሳሰል በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ጠያቂው ነው፤ ቪዲዮውን ማገድ፣ ገቢውን መውሰድ ወይም ዝም ብሎ መከታተል ይችላል።

በወጣቷ ላይ የደረሰው እንዲህ ሊሆን ይችላል። ያ የክራር ድምፅ ለአንድ ሰው ብቻ የተሸጠ አይደለም፤ ማከማቻው ለሺዎች ያከራየዋል። ከእነዚያ መካከል አንዱ ድምፃዊ ክራሩን ከሥር አድርጎ በላዩ ዘፈነበትና ዘፈኑን በአንድ አከፋፋይ በኩል አሰራጨ። አከፋፋዩም ዘፈኑን እንዳለ ኮንቴንት አይዲ ውስጥ አስገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ክራር የሚጠቀም ሁሉ የዚያን ድምፃዊ ዘፈን እንደወሰደ ይቆጠራል። የዩቲዩብ ደንብ ለብዙዎች የተሸጠ፣ አንድ ሰው ብቻውን ባለመብት ያልሆነበት ድምፅ ወደ ማኅደሩ እንዳይገባ ይከለክላል። ነገር ግን አከፋፋዮች በብዛት ስለሚያስገቡ ስሕተቱ ደጋግሞ ይከሰታል። ድምፃዊው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ የአገልግሎት ቅጹ ላይ ያለችውን ምልክት ሳያነብ ተጭኗት ይሆናል። የገቢው መንገድ ግን ተቀይሯል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። በሥርዓቱ የሚመጣው ጥያቄ በተለምዶ ክሌም የሚባለው ነው፤ የሚነካው የዚያን ቪዲዮ ገቢ ወይም ስርጭት ነው፤ ቻናሉን በአብዛኛው አይጎዳም። ስትራይክ ግን ሌላ ነው። እሱ የሚመጣው ባለመብቱ በሕግ መልክ ቪዲዮው እንዲነሣ ጥያቄ አቅርቦ ዩቲዩብ ሲያነሣው ነው። በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ስትራይክ የደረሰበት ቻናል ሊዘጋ ይችላል። ክሌም ባየ ቁጥር ደንግጦ ቪዲዮውን የሚያጠፋ ሰው አላስፈላጊ ኪሳራ ያደርሳል፤ ስትራይክን እንደ ክሌም ቀላል አድርጎ የሚያልፍ ደግሞ ቻናሉን ያጣል።

ወጣቷ ምን ማድረግ ትችላለች? ጊዜው እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ክሌሙ በመጣ በአምስት ቀናት ውስጥ ክርክር ካቀረበች፣ ክሌሙ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ያለው ገቢ ለማንም ሳይከፈል ተይዞ ይቆያል፤ ያሸነፈውም ይወስደዋል። ከአምስት ቀን በኋላ ካቀረበች ግን ገቢው መያዝ የሚጀምረው ክርክሩ ከቀረበበት ቀን ነው። የጥምቀት ቪዲዮ ተመልካች የሚያገኘው በዓሉ ካለፈ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቪዲዮው በመጀመሪያው ሳምንት 70 ዶላር፣ ከዚያ በኋላ በሙሉው ወር 30 ዶላር የሚያስገኝ ነው እንበል። ጥር 16 ቀን የተከራከረች ሴት መቶውን ዶላር ሊባል በሚችል ደረጃ ትታደጋለች። መብራት ጠፋ፣ ኢንተርኔት ዘገየ ብላ ጥር 21 ቀን ያቀረበችው ግን ብታሸንፍም አብዛኛው ገንዘብ ሄዷል።

ጠያቂው መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለው። ዝም ካለ ክሌሙ ይነሣል። ጥያቄዬ ትክክል ነው ብሎ ከመለሰ ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ በይግባኙ ጊዜ ደግሞ ለመልስ ያለው ሰባት ቀን ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ጠያቂው የሚቀረው መንገድ ቪዲዮው እንዲነሣ በሕግ መጠየቅ ነው፤ ያ ደግሞ ስትራይክ ያመጣል። ስለዚህ ይግባኝ የሚባለው ማስረጃ በእጅ ሲኖር ብቻ ነው። ከስትራይክ በኋላም የመቃወሚያ ማስታወቂያ ማቅረብ ይቻላል። ነገር ግን እሱ ሕጋዊ ሰነድ ነው፤ የአቅራቢው ሙሉ ስምና አድራሻ ለጠያቂው ይደርሳል፣ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት ሥልጣን መገዛትንም ይጨምራል። ጠያቂው ክስ መመሥረቱን ለማሳየት 10 የሥራ ቀናት ይሰጠዋል።

በክርክሩ ቅጽ ላይ የሚጻፈው ቁጣ አይደለም። ምንም በደል ቢሰማ የሚያነበው ሰው የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው፦ የሙዚቃው ስም በማከማቻው ላይ እንዳለ፣ የማከማቻው ስም፣ የፈቃዱ ቁጥርና ቀን፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለየትኛው ቻናል እንደሆነ። ብዙ ማከማቻዎች የደንበኛውን ቻናል አስቀድመው እንዲያስመዘግቡ ያደርጋሉ፤ የተመዘገበ ቻናል ላይ የሚመጣውን ክሌም ራሳቸው ያነሡታል። ይህ ለእኛ አገር ሰው የተለየ ትርጉም አለው። ቻናሉ በውጭ አገር ባለ ዘመድ ስም ተከፍቶ ፈቃዱ ግን በጎንደሯ ወጣት ኢሜይል የተገዛ ከሆነ፣ በወረቀት ላይ ባለፈቃዷና ባለቻናሉ ሁለት ሰዎች ናቸው። ይህ ልዩነት በክርክር ጊዜ ይጎዳል። ይህን ክፍተት ሙዚቃው ሲገዛ ቻናሉን በማስመዝገብ አስቀድሞ መድፈን ይቻላል።

አሁን ሙዚቃው ከማከማቻ ሳይሆን ከራሳችን የመጣ ሲሆን ያለውን እንይ፤ ለጎንደር ሰው ይበልጥ የሚያስፈልገው ይህ ይመስለኛል። «የሕዝብ ዜማ ስለሆነ ማንም ይጠቀምበታል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ደራሲው የማይታወቅ የቆየ ዜማ ላይ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ላይኖር ይችላል። ግን አንድ ዘፈን ብዙ መብት የተደራረበበት ነው። ግጥሙ አንድ ነው፤ ዜማው አንድ ነው፤ ቅንብሩ ሌላ ነው፤ ድምፃዊው ያዜመበት መብት ሌላ ነው፤ የተቀዳው ድምፅ ደግሞ የአሳታሚው ነው። የቆየውን ዜማ ማንም ቢያዜመው፣ አንድ ድርጅት ያስቀዳው ቅጂ ግን የዚያ ድርጅት ነው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የድርሰት ባለቤትን በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ ለድምፅ ቅጂም ለብቻው 50 ዓመት ይሰጣል። ከካሴት ዘመን የቀረ ዘፈን «አሮጌ ነው» ተብሎ ከመብት ነፃ አይሆንም።

«ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ይፈቀዳል» የሚለውም በየስቱዲዮው ይነገራል። በአዋጁም ሆነ በዩቲዩብ ደንብ እንዲህ ያለ የሰከንድ ልክ የለም። ኮንቴንት አይዲ ከዚያ ያነሰ ቁራጭም ይይዛል። በመግለጫው ሥር «መብቱ የባለቤቱ ነው» ብሎ መጻፍም ፈቃድ አይሆንም፤ እንዲያውም የሌላ ሰው ሥራ መሆኑን ማወቁን በጽሑፍ ያረጋገጠ ያህል ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን በራስ ካሜራ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ታቦታቱ ሲወርዱ በመንገዱ ላይ ድምፅ ማጉያዎች የተቀዱ መዝሙሮችን ያሰማሉ። የመዝሙሩ ቅጂ ባለቤት አለው፤ ካሜራው ግን ከሕዝቡ እልልታ ጋር አብሮ ይቀዳዋል። ቀራጩ ምንም አልወሰደም፣ ቪዲዮው ግን ይያዛል። ይህን ለማስቀረት በቀረጻ ቀን ማይክሮፎኑን ከማጉያው ማራቅ፣ ከሊቃውንቱ ወረብና ከበሮ አጠገብ ሆኖ ለብቻ ድምፅ መቅዳት፣ በቅንብር ጊዜም ማጉያው በሚሰማባቸው ቦታዎች ያንን ንጹሕ ድምፅ መተካት ይጠቅማል። ከተለቀቀ በኋላ ከተያዘም የዩቲዩብ ስቱዲዮ ቪዲዮውን ሳያጠፋ ያንን ዘፈን ብቻ ዝም የማሰኘት፣ ያንን ክፍል የመቁረጥ ወይም ሙዚቃውን የመተካት አማራጭ ይሰጣል። ያን ጊዜ ክሌሙ ይነሣል።

በኔ አስተያየት ጎንደር ውስጥ ላለ አዘጋጅ የተሻለው መንገድ አዝማሪ ቀጥሮ መቅዳት ነው። ከተማዋ በአዝማሪዎቿ የታወቀች ናት፤ የአንድ ምሽት ክፍያ ከብዙ ወራት የማከማቻ ክፍያ ጋር የሚመጣጠን ሊሆን ቢችልም ድምፁ የትም የማይገኝ፣ ለራስ ብቻ የተቀዳ ይሆናል። ግን መሰንቆው ሲቀዳ መብቱ በራሱ አይተላለፍም። አዝማሪው በቦታው የሚፈጥረው ግጥም የእሱ ድርሰት ነው፤ አጨዋወቱም የክዋኔ መብት አለው። በአዋጁ መሠረት የኢኮኖሚ መብትን ማስተላለፍም ሆነ መፍቀድ በጽሑፍ መሆን አለበት። ስለዚህ በአንዲት ገጽ ላይ የሚጫወተው ዜማ የቆየ የሕዝብ መሆኑ ወይም የራሱ መሆኑ፣ ግጥሙን ማን እንዳወጣው፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ቅጂው በየትኞቹ መድረኮችና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚውል፣ ገቢ በሚያስገኝ ቪዲዮ ላይ መዋሉን መፍቀዱ ይጻፋል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ማንበብ የማይችል ከሆነ ውሉ በምስክሮች ፊት ሊነበብለት ይገባል። «ጋሼ፣ ለቪዲዮ ነው» ብሎ ገንዘብ መስጠት ውል አይደለም፤ ቪዲዮው በኋላ ብዙ ሰው ሲያየው አዝማሪው ቅር የሚሰኝበትም ምክንያት ይሄው ነው። እውነት አለው።

ስለ ስቶክ ክሊፑ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ወጥመድ ግን አለ። የጥምቀት ክሊፖችና የቅርስ ቦታ ክሊፖች ብዙ ጊዜ Editorial use only የሚል ምልክት ይኖራቸዋል። በክሊፑ ውስጥ ፊታቸው የሚለይ ምዕመናን ፈቃድ አልሰጡም፤ ስለዚህ ክሊፑ ለዜና፣ ለዘገባ፣ ለትምህርት እንጂ ለማስታወቂያ አይውልም ማለት ነው። ስለ ጥምቀት ታሪክ የሚናገር ቪዲዮ ላይ መጠቀም በአብዛኛው ያስኬዳል፤ የዩቲዩብ ማስታወቂያ በራሱ ይህንን አይለውጠውም። ግን አንድ ሆቴል «በዓሉን በእኛ ዘንድ አሳልፉ» የሚል ስፖንሰርነት ከፍሎ ክሊፑ ከሆቴሉ ስም ጋር ከታየ፣ ያው ክሊፕ ከፈቃዱ ውጭ ወጥቷል። ሆቴሉ የወደደውን ቅንብር በፌስቡክ ማስታወቂያ አድርጎ ሲያሠራጨው ደግሞ ጥሰቱ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከስፖንሰር ጋር የሚሠራ ሰው ለስፖንሰሩ ክፍል የሚውለውን ምስል ራሱ ቢቀርጽ ይሻለዋል። ነፃ የሚባሉ ድረ ገጾችም የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው፤ በተለይ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚል የሚሰጥ ሥራ ከስሙ አጠገብ NC የሚሉ ፊደላት ካሉት ለገቢ ሥራ አይውልም፤ BY ካለበት ደግሞ የደራሲው ስም በመግለጫው መጠቀስ አለበት።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ተሠራው የመግቢያ ትእይንት እንምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ መሣሪያው የሰጠው ፈቃድ ምን ይላል የሚለው ነው። ብዙ መሣሪያዎች በነፃ መደባቸው የሚሠራውን ምስልና ሙዚቃ ለገቢ ሥራ አይፈቅዱም፤ ለዚህ ፈቃድ የሚሰጡት በክፍያ መደብ ነው። ደጋግሞ የሚታየው ስሕተት ትእይንቱን በነፃ ሠርቶ፣ ቪዲዮው ተመልካች ሲያገኝ መክፈል መጀመር ነው። የኋላ ክፍያ በነፃ ጊዜ የተሠራውን ብዙውን ጊዜ አያካትትም። መሥራት ያለበት ከተከፈለ በኋላ ነው፤ ያኔ ትእይንቱን እንደገና ማሠራት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ መሣሪያው የተሰጠው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ጎንደር ውስጥ የሚሠራው ስሕተት ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። ወጣቷ መግለጫ ብቻ ጽፋ ካሠራች አንድ ነገር ነው። ግን የአንድ የከተማችን ፎቶ አንሺ ከፌስቡክ ገጹ ላይ የለጠፈውን የፋሲል ቤተ መንግሥት ፎቶ ወስዳ «ይህን አንቀሳቅስልኝ» ብላ ከሆነ፣ ፎቶው ይለወጣል እንጂ የፎቶ አንሺው ሥራ መሆኑ አይቀርም። በአዋጁ የማባዛትም ሆነ ሥራውን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የደራሲው ነው። ቤተ መንግሥቱ ከ300 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውና እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ መሆኑ የፎቶውን መብት አይሽረውም። ፎቶ አንሺው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ከወሰደው፣ የ1996ቱ አዋጅ ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100,000 ብር እንዳያንስ መደንገጉን ማወቅ ይጠቅማል። ጎረቤቱን ጠይቆ በጽሑፍ ፈቃድ መቀበል ከዚህ ምን ያህል እንደሚቀል ማንም ያውቀዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙዎች የማያስቡት ነው፦ የተሠራው ትእይንት የማን ነው? የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባወጣው ሪፖርት ትእዛዝ መጻፍ ብቻ የደራሲነት መብት እንደማያስገኝ ገልጿል፤ በዚያው ዓመት መጋቢት ወርም በዋሽንግተን የሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት ደራሲ ሰው መሆን እንዳለበት ወስኗል። የእኛም አዋጅ ደራሲን ሥራውን በአእምሮው የፈጠረ ሰው አድርጎ ነው የሚተረጉመው። የዩቲዩብ አሠራር የተገነባው እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ላይ ስለሆነ ይህ ለጎንደሯ ወጣትም ይደርሳል። ሌላ ቻናል የመግቢያዋን ትእይንት ቆርጦ ቢወስድ፣ ስለዚያ ክፍል ብቻ መከራከር ይከብዳታል፤ የራሷ ቀረጻ፣ የራሷ ትረካና ቅንብር ግን የእሷ ናቸው። በዚሁ ምክንያት በማሽን የተሠራ ሙዚቃን በአከፋፋይ በኩል ወደ ኮንቴንት አይዲ ማስገባት አይገባም፤ ብቻዋን ባለመብት ባልሆነችበት ድምፅ ሌሎችን መጠየቅ ራሱ የደንብ ጥሰት ነው። ከላይ ያየነው ድምፃዊ ያደረገው ይህንኑ ነው።

በመሣሪያዎቹ ላይም ክስ ቀርቧል። ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ሁለት የሙዚቃ ማመንጫ ድርጅቶችን ከሰዋል፤ ዲስኒና ዩኒቨርሳል በሰኔ 2025 ምስል አመንጪውን ሚድጆርኒን ከሰዋል። ለተጠቃሚው ከዚህ የሚወጣው ጥንቃቄ በትእዛዝ ውስጥ የታወቀ ድምፃዊን ስም ወይም የፊልም ገጸ ባሕርይን አለመጥቀስ ነው። በታወቀ ድምፃዊ ድምፅ የተሠራ ዘፈን ለመለየት ቀላል ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው ሩቅ አይደለም። በሌላ በኩል ዩቲዩብ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ እውነተኛ የሚመስል ሰው ሠራሽ ትእይንት ሲኖር አዘጋጁ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። የአፄ ፋሲል ትእይንት እውነተኛ ቀረጻ መስሎ የሚታይ ከሆነ ምልክቱ መደረግ አለበት። ምልክቱ የቅጂ መብትን አይፈታም፤ የተለየ ግዴታ ነው።

ቪዲዮው ከመለቀቁ በፊት የሚደረግ አንድ ቀላል ፍተሻ አለ። ቪዲዮውን ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት በPrivate ሁኔታ መጫንና Checks የሚለው ደረጃ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ ክሌም ካለ ያኔ ይታያል፣ ገንዘብም ገና አልፈሰሰም። ኢንተርኔት ለሚቸግረው ሰው ምስሉን አሳንሶ፣ ድምፁን ግን እንዳለ አድርጎ አንድ ቅጂ ለፍተሻ መጫን ይቻላል፤ ሙዚቃው በዚያም ይለያል። በእያንዳንዱ ቪዲዮ ስም አንድ ማኅደር ከፍቶ የፈቃዱን ፒዲኤፍ፣ የድረ ገጹን የፈቃድ ገጽ በወረደበት ቀን የተነሣ ምስል፣ ከአዝማሪው ጋር የተፈረመውን ውል፣ ትእይንቱ የተሠራበትን ቀንና መደብ ማስቀመጥም ያስፈልጋል። የድረ ገጾች ውል ይለወጣል፤ በወረደበት ቀን የነበረውን ውል የሚያሳየው የራስ ቅጂ ብቻ ነው።

ፍተሻው ዛሬ ንጹሕ ቢሆንም ነገ ክሌም ሊመጣ ይችላል፤ አዲስ ድምፅ ወደ ማኅደሩ ሲገባ ሥርዓቱ የቆዩትንም ቪዲዮዎች መልሶ ያያል። የሙዚቃ ማከማቻ ክፍያ በተቋረጠ ጊዜም አብዛኞቹ ፈቃዶች የሚሸፍኑት በክፍያው ዘመን የተለቀቁትን ቪዲዮዎች ነው። ወጣቷ ክፍያዋን አቁማ በሚቀጥለው ዓመት የዘንድሮውን ቪዲዮ አሳጥራ እንደ አዲስ ብትለቅ፣ ያው ክራር በአሮጌው ቪዲዮ ላይ ሕጋዊ፣ በአዲሱ ላይ ግን ያለ ፈቃድ ይሆናል።